የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ፦ በአማርኛ ብቻ ወይስ በሁለት ቋንቋ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሻጮች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ደሴ ላይ ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ ሰው ማስታወቂያ ሊያስጽፍ ሲመጣ ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «እንግሊዝኛም ይጨመርበት ይሆን?» የሚል ነው። ሐሳቡ የሚመጣው ገንዘብ ያለው ገዢ ውጭ አገር ነው፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ደግሞ እንግሊዝኛ ያነባል ከሚል ግምት ነው። የግምቱ የመጀመሪያ ግማሽ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን በወሎ አይሠራም። ከዚህ አገር ወጥተው ገንዘብ ከሚልኩት ሰዎች እጅግ ብዙዎቹ የሚኖሩት በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኤሚሬትስና በኩዌት ነው። እነዚህ ሰዎች ፊደል የቆጠሩት እዚሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ኩታበር ስለሆነ በየዕለቱ የሚናገሩት ቋንቋ ዓረብኛ ቢሆንም እንኳ ለማንበብ የሚቀላቸው አማርኛ ነው። ስለዚህ ሻጩ ገዢው የት እንደሚኖር ከመጠየቁ በፊት የት ፊደል እንደቆጠረ ቢጠይቅ ወደ ትክክለኛው ውሳኔ ይደርሳል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ጥያቄ ነው።

መመሪያው የተጻፈው የመኖሪያ ቤት ለሚሸጥ ሰው ነው። የኪራይ ማስታወቂያ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ የራሱ ጠባይ ስላለው በቦታው ለብቻው አነሣዋለሁ።

አንደኛ እርምጃ፦ ሊገዙ የሚችሉትን ሰዎች በወረቀት ላይ አስፍሮ የማይችሉትን መሰረዝ

አንድ ወረቀት ይያዝና ቤቱን ሊገዙ የሚችሉ ሰዎች በዓይነት ይጻፉ። ለምሳሌ የደሴ ነጋዴ፣ ከወረዳ ወደ ከተማ ለመግባት የሚፈልግ ቤተሰብ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ የምትሠራና ለወላጆቿ ቤት የምትፈልግ ልጅ፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር የአገር ልጅ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚሠራ የውጭ አገር ዜጋ እያሉ መዘርዘር ይቻላል። ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ ቤቱን በሕግ ወይም በገንዘብ አቅም ሊገዙ የማይችሉት ይሰረዛሉ።

በመጀመሪያ የሚሰረዘው ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር ዜጋው ነው። ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው መከልከሉ መሠረታዊ ደንብ ሆኖ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ በሩን ቢከፍትም ዝቅተኛውን የገንዘብ መጠን 150,000 የአሜሪካ ዶላር አድርጎታል፤ ይህ ደግሞ በደሴ ሰፈሮች ለገበያ ከሚወጡት ተራ ቤቶች ጋር የሚገናኝ አይደለም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የአገር ልጅ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የመኖሪያ ቤት ሊኖረው ስለሚችል ከዝርዝሩ አይወጣም። ይህን ልዩነት ሳይለይ እንግሊዝኛ የሚጨምር ሻጭ ሊገዙ ለማይችሉ ሰዎች ጥያቄ ሲመልስ ሳምንታት ያልፉበታል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ በእያንዳንዱ ገዢ ስም ትይዩ ሦስት ሰዎችን መጻፍ

ከተሰረዙት የተረፉት ገዢዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አይገዙም። ቤት የሚገዛው በቤተሰብ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገዢ ትይዩ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ ማስታወቂያውን መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው፣ «ይገዛ» ወይም «ይቅር» የሚለው ማን ነው፣ ውሉ ላይ የሚፈርመው ማን ነው። ውጭ አገር ያለ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ልኮ ስለሆነ ፈራሚው ደሴ ያለ ወንድም፣ እኅት ወይም አጎት ነው። ውሉም የሚጻፈው በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአማርኛ ነው። ይህ ማለት ገዢው ሰሜን አሜሪካ ቢሆንም ከሦስቱ ሰዎች ቢያንስ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱ፣ አማርኛ አንባቢዎች ናቸው ማለት ነው።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ላሳይ። ሆጤ አካባቢ ቤታቸውን ሊሸጡ የመጡ አንድ ሐጂ «ልጄ፣ የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ነው ያለው፤ እዚያ ያሉት ናቸው የሚገዙት። ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛ አድርግልኝ» አሉኝ። «ሐጂ፣ ከእርስዎ ቤት በፊት በሰፈሩ የተሸጠውን ቤት ማን ገዛው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የጎረቤታችን ልጅ ነቻ፣ ጅዳ የምትሠራው።» «ከዚያ በፊት የነበረውንስ?» «ሰኞ ገበያ ሱቅ ያለው ሰውዬ።» ከዚያ ተያይዘን ዝርዝሩን ጻፍን። የደሴው ነጋዴ ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይወስናል፣ ራሱ ይፈርማል፤ ሦስቱም በአማርኛ ነው። ጅዳና ሪያድ ያሉት ገዢዎች ማስታወቂያውን በስልካቸው በአማርኛ ያነባሉ፣ እናት ወይም ወንድም ቤቱን ሄዶ ያየዋል፣ ወንድም ይፈርማል፤ እንግሊዝኛ የትም ቦታ አልገባም። አሜሪካ ያለው የወንድም ልጅና መሰሎቹ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ተለየ። የወንድም ልጁ አማርኛ አንባቢ ነው፤ ሚስቱ ግን እዚያው ያደገች በመሆኗ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደሉን አታነብም፤ ገንዘቡ ደግሞ የጋራ ነው። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ወሳኙ ሰው ሳያነብ የሚቀር ማስታወቂያ በጽሑፍ ሳይሆን በባል አፍ ነው የሚደርሰው፤ በአፍ የሚደርስ ነገር ደግሞ ካሬውንም የክፍሉንም ቁጥር ይጥላል።

ስለዚህ ሐጂ ከሚጠብቋቸው ሦስት ዓይነት ገዢዎች እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ለአንዱ፣ ለእሱም ቢሆን ለሁለተኛው ሰው ብቻ መሆኑ ታየ። ይህ ውጤት በወረቀቱ ላይ ባይሰፍር ኖሮ ሙሉውን ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ጽፈን ዋናውን ገዢ በር ላይ እንመልሰው ነበር።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ስልኩን የሚያነሣውን ሰው ማወቅ

እንግሊዝኛ የተጻፈበት ማስታወቂያ ለአንባቢው «በዚህ ቋንቋ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ» የሚል ቃል ኪዳን ነው። ስልኩ ላይ ያለው ሰው መመለስ ካልቻለ ደዋዩ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም መጠራጠር ይጀምራል፤ ከሩቅ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ሰው ደግሞ ለመጠራጠር ብዙ ምክንያት አለው። በመሆኑም በጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ ሊመልስ የሚችል ልጅ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ከሌለ እንግሊዝኛው ይቅር። ካለ ደግሞ የእሱ ቁጥር በእንግሊዝኛው ክፍል፣ የሻጩ ቁጥር በአማርኛው ክፍል ለየብቻ ይጻፍ። ሐጂ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የልጅ ልጅ ስለነበረቻቸው ይህ ጥያቄ በቀላሉ ተፈታ።

አራተኛ እርምጃ፦ ከሦስቱ ቅርጾች አንዱን መምረጥ

የመጀመሪያው ቅርጽ አማርኛ ብቻ ነው። ሁሉም ወሳኞች አገር ውስጥ ወይም በዓረብ አገሮች ካሉ ይህ ይበቃል፤ በእኔ ግምት በደሴ ከሚሸጡት ቤቶች አብዛኞቹ ከዚህ በላይ አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛው ሙሉ የአማርኛ ማስታወቂያ ሆኖ ከሥሩ አምስት ወይም ስድስት መስመር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ የሚከተልበት ነው። ይህ የሚጠቅመው እንደ ሐጂ ጉዳይ አማርኛ አንባቢው ለማያነበው የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ የሚያስተላልፈው ነገር ሲፈልግ ነው። ሦስተኛው ሁለት ሙሉ ማስታወቂያዎችን ለየብቻ ማውጣት ነው። ይህ ተገቢ የሚሆነው እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ራሱ ፈልጎ ሊያገኘውና ራሱ ሊወስን ሲችል ብቻ ነው፤ በመኖሪያ ቤት ሽያጭ ብዙም አያጋጥምም።

አራተኛ ቅርጽ አድርገው ብዙዎች የሚጠቀሙበት አንድ መስመር አማርኛ፣ አንድ መስመር እንግሊዝኛ እያፈራረቁ መጻፍን ነው። ይህን አልመክርም። አማርኛ አንባቢው በየመስመሩ እየዘለለ ለማንበብ ይገደዳል፤ እንግሊዝኛ አንባቢውም እንዲሁ፤ ሁለቱም ሳይጨርሱት ይተዉታል። በተጨማሪ ዋጋው ሲቀየር አንዱ መስመር ተስተካክሎ ሌላው ሲረሳ ያየሁት በዚህ ቅርጽ ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍም መፍትሔ አይሆንም፤ አንድን ቃል እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ስለሚጽፈው ፈልጎ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ፊደሉን የማያውቅ ልጅም ለማንበብ ይቸገርበታል።

ሌላ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የአገር ውስጥ ገዢ ከላይ እንግሊዝኛ ሲያይ «ይህ ለዲያስፖራ የተቆረጠ ዋጋ ነው» ብሎ ሳይደውል ያልፋል፤ ደላላውም ኮሚሽኑን በዚያው ልክ ይገምታል። እንግሊዝኛው ከሥር እንዲሆን የምለው በዚህም ምክንያት ነው።

የኪራይ ነገር ኮምቦልቻ ላይ ይለያል። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ከሌሎች ፋብሪካዎች ጋር ተያይዞ የሚመጣ የውጭ ባለሙያ ቤት ይከራያል እንጂ አይገዛም፤ ብዙውን ጊዜም ቤቱን የሚያፈላልግለት የድርጅቱ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው በአማርኛ ያነብና ለአለቃው በእንግሊዝኛ ያስረዳል። እዚህም የሚስማማው ሁለተኛው ቅርጽ ነው፤ ልዩነቱ ማጠቃለያው ውሃ፣ የመብራት መጠባበቂያ፣ የመኪና ማቆሚያና የመታጠቢያ ቤት ሁኔታን ከክፍል ብዛት አስቀድሞ መናገር ያለበት መሆኑ ነው፤ አለቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነውና።

አምስተኛ እርምጃ፦ የቤቱን እውነታዎች ከመተርጎም ይልቅ መልሶ መናገር

ሥራው ሁሉ የሚከብደው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሳልቸኩል እሄድበታለሁ። የአማርኛው የቤት ማስታወቂያ በደላላና በገዢ መካከል ለረጅም ጊዜ የተለሰለሱ ቃላት አሉት። ቃላቱ አጭር ናቸው፤ ደሴ ያለ ሰው ሙሉ ትርጉማቸውን ያውቃል፤ እንደወረዱ ወደ እንግሊዝኛ ሲገቡ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ።

ከሁሉ የባሰው «ሊዝ» የሚለው ቃል ነው። ለእኛ ሊዝ ማለት መሬቱ የተያዘበት ሥርዓት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ቤቱም ይሸጣል። አሜሪካ ላደገ ሰው ግን ይኸው ቃል የቤት ኪራይ ውል ማለት ነው። ከዓመታት በፊት ራሴ የጻፍኩት አንድ ማስታወቂያ ላይ ይህን ቃል እንዳለ ወስጄ በእንግሊዝኛው መስመር አስገባሁት፤ የመጡት መልእክቶች ወርሃዊ ኪራዩ ስንት እንደሆነ የሚጠይቁ ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ሻጩን ይቅርታ ጠይቄ መስመሩን አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛው ክፍል የምጽፈው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንደኛው ቤቱ ለሽያጭ እንጂ ለኪራይ እንዳልሆነ፣ ሁለተኛው መሬቱ ከመንግሥት በረጅም ዘመን ይዞታ የተሰጠ መሆኑንና የቀረ ክፍያ ካለም መጠኑን ይናገራል። የቀረውን የሊዝ ክፍያ በአማርኛውም መጻፍ ተገቢ ነው፤ ቤቱ ነባር ይዞታ ከሆነ ደግሞ ይኸው በግልጽ ይነገር።

«ካርታ አለው» የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። የይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ መሆኑን የማያውቅ ተርጓሚ የመንገድ ካርታ አድርጎ ይጽፈዋል፤ ሩቅ ያለው አንባቢም የሰፈሩ ንድፍ የተዘጋጀለት ይመስለዋል። እንግሊዝኛው በከተማው አስተዳደር የተሰጠና በሻጩ ስም የተመዘገበ የባለይዞታነት ሰነድ መኖሩን ሙሉ በሙሉ መናገር አለበት። ሰነዱ በሟች አባት ስም ከሆነ ወይም በውርስ ሂደት ላይ ካለ በሁለቱም ቋንቋ እኩል ይጻፍ፤ በአንዱ ተናግሮ በሌላው መዝለል በኋላ ውል የሚያፈርስ ነገር ነው።

የክፍል ቁጥር ሌላው መሰናክል ነው። እኛ «ባለ 4 ክፍል» ስንል ሳሎኑን ጨምረን እንቆጥራለን፤ እንግሊዝኛው ማስታወቂያ ግን የሚቆጥረው መኝታ ቤቶችን ብቻ ነው። የሐጂ ቤት ሳሎንና 3 መኝታ ቤት ስለነበረው በእንግሊዝኛው 3 ተብሎ ተጻፈ። አራት ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ገዢው ሰው ልኮ ሲያስቆጥር አንድ መኝታ ቤት ይጎድልበትና ሻጩን እንደ ዋሾ ያየው ነበር። «ሰርቪስ» የሚለውንም እንዲሁ መተው ነው፤ ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ቢሆንም በዚህ ትርጉም እንግሊዝኛ ተናጋሪው አያውቀውም። ከዋናው ቤት ጀርባ በግቢው ውስጥ ለብቻቸው የተሠሩ 3 ክፍሎች፣ አንዱ ማድ ቤት የሆነ፣ ብሎ መግለጽ ይሻላል። «የራሱ ቆጣሪ አለው» የሚለው ደግሞ ቤቱ ከጎረቤት ጋር የማይጋራው የመብራት ቆጣሪ እንዳለው ሆኖ ይነገር። አሜሪካ ያለው ሰው ይህን እንደ ተራ ነገር ሊያየው ይችላል፤ ደሴ ያለችው እናቱ ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።

ስፋቱን በተመለከተ «250 ካሬ» ስንል የግቢውን ማለታችን ነው። በሌላው ቋንቋ የሚያነብ ሰው ግን ቁጥሩን የቤቱ ወለል ስፋት አድርጎ ይወስደዋል። ሁለቱን መለየትና መለኪያው ሜትር መሆኑን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ለሐጂ ቤት ቦታው 250 ካሬ ሜትር፣ ዋናው ቤት ያረፈበት 110 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጻፈ።

ዘመንና ሰዓት ሳይቀየሩ እንዳይቀሩ። የሐጂ ቤት ተሠርቶ ያለቀው በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ነው። ይህ ቁጥር እንደወረደ ቢገለበጥ አንባቢው ቤቱን በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ ትክክለኛው 2016 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ ያለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለው 8 ዓመት እንደሚጨመርበት ማስታወስ ይበቃል። የመደወያ ሰዓትም «ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት» ከሆነ በእንግሊዝኛው ከ2 እስከ 5 ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደሆነም ይጠቀስ። ሪያድና ደሴ በአንድ ሰዓት ቀጠና ስለሚገኙ እዚያ ላለው ችግር የለም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ግን ልዩነቱ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው፤ የደሴው ከቀኑ 8 ሰዓት እዚያ ገና ከሌሊቱ 12 ወይም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ለእነሱ የሚስማማው የደሴው ማታ ነው።

ዋጋው በሁለቱም ቋንቋ በብር ብቻ ይጻፍ፤ ዜሮዎቹም አይቀነሱ። ለምሳሌ 6,500,000 ብር ከሆነ ሙሉው ቁጥር ይቀመጥ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ዛሬ የተጻፈ የዶላር ግምት ከሳምንታት በኋላ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ገዢው ደግሞ አነስተኛውን ቁጥር ይዞ ይከራከራል። ስልኩ በአማርኛው 09 ተብሎ የሚጀምር ቢሆንም በእንግሊዝኛው +251 ተጽፎ ዜሮው ይወገድ፤ ከውጭ የሚደውል ሰው ዜሮውን ጨምሮ ከሞከረ ጥሪው ላይደርስ ይችላል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ አማርኛውን መጨረስና ማጠቃለያውን ከእሱ ማውጣት

የሐጂ የአማርኛ ማስታወቂያ የሚከተለው ነበር።

> ደሴ፣ ሆጤ የሚሸጥ መኖሪያ ቤት። ቦታው 250 ካሬ ሜትር፣ ዋናው ቤት ያረፈበት 110 ካሬ ሜትር ነው። ዋናው ቤት ሳሎንና 3 መኝታ ቤት፤ በጀርባ ማድ ቤቱን ጨምሮ 3 ክፍል ሰርቪስ አለው። የብሎኬት ግንባታ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. ተሠርቶ አልቋል። የራሱ የውሃና የመብራት ቆጣሪ አለው፤ መኪና ይገባል። ካርታው በሻጩ ስም ነው፤ ይዞታው ሊዝ ሲሆን የቀረ ክፍያ የለበትም። ዋጋ 6,500,000 ብር፤ ድርድር አለው። ሻጩን በቀጥታ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ማነጋገር ይቻላል። ከሥር በእንግሊዝኛ ማጠቃለያ አለ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲገባ የማደርገው አማርኛ አንባቢው ለሌላው ሰው የሚያስተላልፈው ክፍል መኖሩን እንዲያውቅ ነው። ማጠቃለያው የሚወጣው ከዚሁ ጽሑፍ ሆኖ ስድስት ነገሮችን ብቻ ይይዛል፤ ቤቱ የሚሸጥ መሆኑንና ከተማውን፣ የቦታውንና የቤቱን ስፋት፣ የመኝታ ቤትና የጀርባ ክፍሎችን ብዛት፣ የተሠራበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የሰነዱንና የይዞታውን ሁኔታ፣ ዋጋውንና በእንግሊዝኛ የሚመልሰውን ሰው ቁጥር። በአማርኛው ውስጥ የሌለ ነገር በእንግሊዝኛው አይጨመር። «ውብ»፣ «ዘመናዊ»፣ «የማይገኝ ዕድል» የሚሉ ቃላት በእንግሊዝኛው ብቻ ሲገቡ ባልየው አማርኛውን፣ ሚስትየው እንግሊዝኛውን አንብበው ሲነጋገሩ የሁለት ቤት ማስታወቂያ ያነበቡ ይመስላቸዋል።

የከተማው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አይደለም። በፍለጋ የሚመጣ አንባቢ Dessie ወይም Dese፣ Kombolcha ወይም Combolcha ብሎ ሊጽፍ ስለሚችል በማጠቃለያው ውስጥ ሁለቱም አጻጻፎች አንድ አንድ ጊዜ ይግቡ። በአማርኛውም ኮምቦልቻና ኮንቦልቻ፣ ዕቃና እቃ እንደሚሉት ያሉ ሁለት አጻጻፎች ስላሉ በፍለጋ ላይ እንደሚለያዩ ማወቅ ይጠቅማል።

ማስታወቂያው በቴሌግራም ከፎቶ ጋር የሚወጣ ከሆነ ከፎቶ ሥር የሚፈቀደው ጽሑፍ በተለመደው አካውንት 1,024 ሆሄ ነው። አማርኛ አንድ ሆሄ በአንድ ቦታ ስለሚያስቀምጥ ቃሉ ከእንግሊዝኛው ያጥራል፤ በመሆኑም ከላይ ያለው ማስታወቂያና አጭር ማጠቃለያ አብረው ይገባሉ። ሁለት ሙሉ ጽሑፎች ግን አብረው ላይገቡ ይችላሉ፤ ካልገቡ እንግሊዝኛው በተከታይ መልእክት ይላክ እንጂ ከአማርኛው አይቀነስ። በፌስቡክ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች በኋላ ያለው ጽሑፍ ስለሚታጠፍ ሰፈሩ፣ ስፋቱና ዋጋው ከመታጠፊያው በላይ በአማርኛ ይሁኑ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ቤቱን ለማያውቅ ሰው ማስነበብ

ማጠቃለያው ከመውጣቱ በፊት እንግሊዝኛ ለሚያነብና ቤቱን አይቶት ለማያውቅ ሰው ይሰጥ፤ አማርኛው ግን አይታየው። ከዚያ አምስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ ይሸጣል ወይስ ይከራያል፣ ስንት መኝታ ቤት አለው፣ 250 የተባለው የምን ስፋት ነው፣ ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው፣ ሰነዱ በማን ስም ነው። አንዱን እንኳ ከሳተ ያ መስመር እንደገና ይጻፍ። የሐጂን ማጠቃለያ ያነበበችው የልጅ ልጃቸው ጓደኛ አምስቱንም በትክክል መልሳ የጀርባ ክፍሎቹን ግን የሌላ ሰው ቤት አድርጋ ነበር የተረዳችው፤ «በዚሁ ግቢ ውስጥ» የሚል ሐረግ ስንጨምር ተስተካከለ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ለሁለት ሳምንት ጥሪዎችን መመዝገብና ቅርጹን ማስተካከል

በደብተር ላይ የእያንዳንዱ ጥሪ ቀን፣ ደዋዩ ከየት እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደጠየቀና ምን እንደጠየቀ ይጻፍ። ለሐጂ ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመጡት 19 ጥሪዎችና መልእክቶች 11ዱ ከደሴና ከአካባቢዋ፣ 6ቱ ከሳዑዲና ከኤሚሬትስ ሆነው ሁሉም በአማርኛ ነበሩ። የቀሩት ሁለቱ ከአሜሪካ ሲሆኑ አንደኛው ባል በአማርኛ ደውሎ ሚስቱ በእንግሊዝኛ መልእክት የቀጠለችበት ነው፤ እሷ የጠየቀችው ስለ ሊዙ ብቻ ነበር፣ መልሱም አስቀድሞ ስለተዘጋጀ የልጅ ልጅየው በአንድ መልእክት ጨረሰችው። ቤቱን በመጨረሻ የገዛችው ሪያድ የምትሠራ ሴት ስትሆን አይቶ የፈረመላት ወንድሟ ነው።

ከምዝገባው ሁለት ነገር ይነበባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በእንግሊዝኛ የጠየቀ አንድም ሰው ከሌለ ማጠቃለያው ወጥቶ ቦታው ለተጨማሪ የአማርኛ ዝርዝር ይዋል። በእንግሊዝኛ የሚጠይቁት ካሉና ሁሉም አንድን ነገር ደጋግመው የሚጠይቁ ከሆነ ጉድለቱ በማጠቃለያው ውስጥ ያለው ያ መስመር ነው፤ ተስተካክሎ እንደገና ይውጣ። ደዋዮቹ በአማርኛ ጠይቀው «ለልጆቼ የምልከው ነገር አለ?» የሚሉ ከሆነ ደግሞ ማጠቃለያ ያልነበረው ማስታወቂያ ማጠቃለያ ያስፈልገዋል።

ዋጋ ሲቀነስ ወይም ቤቱ ሲሸጥ ለውጡ በሁለቱም ቋንቋ በዚያው ቀን ይደረግ። እንግሊዝኛው ማጠቃለያ ከዋናው ማስታወቂያ ተቆርጦ በቤተሰብ መልእክት መለዋወጫዎች ውስጥ ስለሚዞር ከአማርኛው በኋላ ለወራት ይቆያል፤ ስለዚህ «ተሽጧል» የሚለው ቃል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከላይኛው መስመር ላይ ተጽፎ ቀድሞ ለጠየቁት ሰዎችም በመልእክት ይላክላቸው።